«ይሄ ምኑ ነው ፒኦቪ?» ተባልኩ፤ የታክሲ ቪዲዮዬን አርሙልኝ

ጠያቂ፦ የቱሉ ዲምቱዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ታክሲ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ወራጅ» ማለት የሚያፍር ሰው የሚያሳይ አጭር ፒኦቪ ለቲክቶክ ሠራሁ። 48 ሰከንድ ነው። የምተውነው እኔ ነኝ፣ ታናሽ ወንድሜ ከፊት ወንበር ዞሮ ቀረጸኝ። አራት ጊዜ «ወራጅ» እላለሁ፣ ማንም አይሰማኝም፣ ሰፈሬን አልፌ እወርዳለሁ። ሰዉ ግን «ይሄ ምኑ ነው ፒኦቪ?» እያለ ይስቅብኛል፣ አብዛኛውም ገና ሳይጀምር ያልፈዋል። ምኑን ላስተካክል?

ናቲ ካሜራ
ስለምትታዪ ነዋ! ፒኦቪ ከሆነ ካሜራው የተመልካቹ ዓይን ነው። ስልኩን ግንባርሽ ጋ ይዘሽ በ0.5 ቅረጪ፣ ታክሲ ውስጥ ጠባብ ስለሆነ ሁሉም ይገባልሻል። «ወራጅ»ውን ከስልኩ ኋላ ሆነሽ በይው። አለቀ።

የተራው ልጅ
እኔ ረዳት ነኝ። ለምንድነው ሁሌ እኛን የማትሰሙ አድርጋችሁ የምትሠሩት? በሩ እየተንኳኳ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ከኋላ በሹክሹክታ «ወራጅ» ብትይ ማን ይሰማል? ባለፈው አንዱ ሳያስፈቅድ ሲቀርጸኝ ተጣልተናል። ተሳፋሪ አለ፣ እናት አለች፣ ሁሉም ፊቱ እንዲወጣ አይፈልግም። ቀትር ላይ ሰው ሲቀንስ ተራ ይዞ የቆመ ታክሲ ሹፌሩን ለምኑት፣ ሻይ ጋብዙትና ቆሞ ቅረጹ።

ሰብለ ኤዲቲንግ
ረዳቱ ሳያስበው ዋናውን ነገር ነግሮሻል፦ የቆመ ታክሲ ይበቃሻል። መስኮቱን በጥቂቱ ብቻ ካሳየሽ፣ አንድ ሰው ከውጭ መኪናውን ቀስ አድርጎ ካወዛወዘው፣ የሞተሩን ድምፅ ደግሞ ሌላ ቀን ስትሳፈሪ ቀድተሽ ከሥሩ ካስገባሽ፣ የሚጠረጥርሽ የለም።

ናቲ ስለ ዓይኑ ልክ ነው፣ ስለ ድምፁ ግን አልስማማም። ከስልኩ ኋላ ስትናገሪ ተመልካቹ የሚሰማው የአንቺን ድምፅ ነው፤ «እኔ» ብሎ የተቀመጠው ሰው እዚያው ላይ ከወንበሩ ይነሳል። 0.5ም ቅርብ ያለን ፊት ያጣምማል። አጠገብሽ የተቀመጠችው ሴት አፍንጫዋ ብቻ ነው የሚታይሽ። በ1 ቅረጪው፣ የሚያመልጥሽ ነገር ካለ ስልኩን እንደ አንገት አዙሪው።

እኔ ብሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጉልበት ላይ ያለ ፌስታልና አንድ እጅ፤ ስልኩ አገጭ ሥር ሳይሆን ዓይን አጠገብ ይሁን፣ አለዚያ ተመልካቹ ሕፃን ልጅ ይመስላል። ቀና ስትይ ኮንዶሚኒየሙ በመስኮት ይታያል። «ወራጅ…» የሚለውን አትናገሪው፣ በትንሽ ፊደል ስክሪኑ ላይ ጻፊው። ረዳቱ አይዞርም። ሁለተኛው «ወራጅ…» ከመጀመሪያው ያንሳል። ሦስተኛ አትጨምሪ፣ ቀልዱ ገብቷል። ከዚያ አጠገብሽ ያለችው ሴት ቀስ ብላ ዞራ ሌንሱን ታየዋለች። ስልኩን አይደለም፣ ስክሪኑንም አይደለም፣ ሌንሱን ራሱን። ትንሽ ወደ ላይ ካየች ሌላ ሰው እያየች ነው የሚመስለው፤ እኔ ሌንሱ አጠገብ ቀይ ክር እለጥፋለሁ። ሁለት ሰከንድ ታይሽና ፊቷን ወደፊት መልሳ «ወራጅ አለ!» ብላ ትጮኻለች። ታክሲው ሙሉ ሰው ዞሮ አንቺን ያያል። በዚያው ቁረጪው። የቪዲዮው ንግግር በሙሉ እሱ ብቻ ነው፣ 15 ሰከንድም አይሞላም።

ከጉልበት ወደ መስኮት ስትዞሪ ምስሉ ድንገት ከጠቆረ ብርሃኑ አምልጦሻል ማለት ነው። ፊቷ ላይ ጣትሽን ጫን አድርገሽ ያዢ፤ አይፎን ከሆነ AE/AF LOCK ይልሻል። ጽሑፉን ወደ ታችና ወደ ቀኝ አታስጠጊው፣ የቲክቶክ ምልክቶች ይሸፍኑታል።

የቱሉ ዲምቱዋ
ዛሬ የጎረቤታችንን ታክሲ ለምነን ሞከርነው። እማዬ ናት ጯሂዋ፣ ሌንሱን ስታይ ግን ሳቋ ይመጣባታል፤ ዘጠኝ ጊዜ ደገምን። አንድ ነገር ብቻ ቸገረኝ፦ ከላይ «POV: ወራጅ ማለት ስታፍሪ» ብዬ ጻፍኩ፣ ወንድሜ «ታዲያ እኔ አይደለሁማ» አለኝ።

ሰብለ ኤዲቲንግ
አማርኛ እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ «አንተ»ም «አንቺ»ም ያልሆነ ቃል ያስፈልግሻል። «ወራጅ ማለት የሚያሳፍረው ሰው» ካልሽ ደግሞ ተመልካቹ ከውጭ ይቀራል። እኔ «ወራጅ ማለት ሲከብድ» እላለሁ። እናትሽም ከጩኸቷ ሌላ ቃል ከጨመረች «ልጄ» ትበል እንጂ «እህቴ» እንዳትል። የእጅሽን ጥፍር ቀለም አጥፊው።

ናቲ ካሜራ
«ስታፍሩ» ብትይ አይሻልም? ሁሉንም ይይዛል።

ሰብለ ኤዲቲንግ
ብዙ ሰው ይሆናላ ናቲዬ። ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው አንድ ሰው ነው።

የተራው ልጅ
ሁለቱንም ሠርታችሁ ልቀቁና እንይ። ግን ረዳቱ አንድ ጊዜ ይስማ እባካችሁ።