ጥቆማ፦ ራሱ የማይዘጋ የፍሪጅ በር፤ ደሴ ውስጥ ማን ያስተካክልልኝ? ስታንድስ ይሻላል?

ጠያቂዋ፣ ከሆጤ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። ቤት ከቀየርን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። ባለ ሁለት በር ፍሪጅ አለን፤ ላይኛው ፍሪዘር ነው። ድሮ ቤት ገፋ ሲያደርጉት ራሱ ሄዶ ግጥም ይል ነበር። እዚህ ግን የታችኛው በር በለቀቁት ቦታ ቀጥ ይላል፤ አንዳንዴ እንዲያውም ተንሸራቶ ይከፈታል። ልጆቹ ዘግተናል ብለው ይሄዳሉ፣ ጠዋት ስነሳ ክፍተቱ ጣት ያስገባል። ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ አያርፍም፣ የውስጡ ግድግዳ በረዶ ጋግሯል።

አንድ ባለሙያ ጠርቼ ነበር። በሩን እንኳን ሳይነካ «ጋዝ ይሞላ» አለኝና ዋጋ ጠራልኝ። አልተዋጠልኝም። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ደሴ ውስጥ ጥሩ የፍሪጅ ሠሪ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ደግሞ ያ ጎማ እግር ያለው፣ የሚሽከረከረው የፕላስቲክ ስታንድ ይጠቅመኛል?

ከፒያሳ አካባቢ

የበሩ ጎማ ነው፣ ሌላ አትፈልጊ። ጎማ ሲደርቅ ማግኔቱ አይስብም። መቶ ብር በሩ ላይ አስገብተሽ ዝጊና ሳቢው። እየጎተተ ከወጣ ጎማው ደህና ነው። ዝም ብሎ ሾልኮ ከወጣ ጎማውን ቀይሪ። የኔ በዚህ ነው የዳነው።

ከኮምቦልቻ

የኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው እህቴ። ዘግቼ ወዲያው ልክፈት ስል እንቢ ይለኛል፣ ሁለት እጅ ይፈልጋል። እኔም እንዳንቺ ቴክኒሻን ልጥራ?

ጡረታ የወጣ ፍሪጅ ሠሪ፣ ከኮምቦልቻ

ለኮምቦልቻዋ፦ ያንቺ ጤነኛ ነው፣ ገንዘብሽን አታውጪ። በሩ ሲከፈት የኮምቦልቻ ሙቅ አየር ይገባል፤ ሲዘጋ አየሩ ቀዝቅዞ ይኮማተርና በሩን ወደ ውስጥ ይስበዋል። አንድ ደቂቃ ጠብቂ፣ ይለቅሻል። እንዲያውም ጎማሽ አየር እንደማያሳልፍ ምስክር ነው።

ለሆጤዋ፦ ሠሪም ስታንድም ከመፈለግሽ በፊት ሁለት ነገር ንገሪኝ። የበሩ ማጠፊያ በየት በኩል ነው? ወለሉስ ወደ የት ያዘነብላል?

ፒያሳ ያለው ልጅ ስለ መቶ ብሩ ልክ ነው። ግን ማግኔት የሚስበው የበሩ ጎማ ሣጥኑ ጋ ሲደርስ ነው፤ የመጨረሻዋን ጣት ያህል ብቻ። ግማሽ የተከፈተን በር እስከዚያ የሚያደርሰው የራሱ ክብደት ነው። አንዳንድ ፍሪጅ ማጠፊያው ውስጥ በሩን የሚመልስ ጥርስ አለው፤ እሱም ቢሆን የሚረዳው መጨረሻው ላይ ነው።

የግቢ በር አስቢ። ምሰሶው ወደ መንገድ ትንሽ ካዘመመ፣ ወደ ውስጥ የተከፈተው ቆርቆሮ ራሱ ተመልሶ ይገጥማል። ምሰሶው ወደ ግቢ ካዘመመ ግን ድንጋይ ካላስደገፍሽው ተከፍቶ ያድራል። ፍሪጅም ያው ነው። ፊቱ ከጀርባው ትንሽ ከፍ ሲል ማጠፊያው ወደ ኋላ ያዘማል፤ በሩ ለመከፈት ሽቅብ ይወጣል፣ ሲለቁት ቁልቁል ወደ ቦታው ይወርዳል። ለዚህ ነው የፊት እግሮቹ ብሎን ሆነው የሚሠሩት።

ጠያቂዋ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፤ እርስዎ እንዳሉት አየሁት። ማጠፊያው በቀኝ ነው። ወለሉም ወደ ቀኝ ነው የሚያዘነብለው፤ ሲታጠብ ውሃው በበሩ እንዲወጣ ብለው ነው መሰል። ባለቤቴ ግን መልስዎትን እንዳነበበ ሳይነግረኝ በፒንሳ ሁለቱንም የፊት እግሮች አራት አራት ዙር አወጣቸው። አሁን በጠባቡ ከተከፈተ ይዘጋል። ግማሽ ድረስ ከተከፈተ ግን አሁንም ቀጥ።

ጡረታ የወጣው ሠሪ

ባለቤትሽ ቸኮለ እንጂ አልተሳሳተም። እግሩ ባንድ ዙር አንድ ሚሊሜትር ከምናምን ነው የሚወጣው። አራት ዙር ሲል ፊቱን አምስት ስድስት ሚሊሜትር አንስቷል ማለት ነው። ለአብዛኛው ፍሪጅ ይህ ይበቃዋል።

የቀረው የጎን ነገር ነው። ማጠፊያሽ ያለበት ቀኙ ዝቅ ካለ፣ በሩ ወደ ቀኝ መውደቅ ይፈልጋል። ወደ ቀኝ መውደቅ ደግሞ መከፈት ነው። ስለዚህ ሁለት ጉልበት እየተጓተተ ነው። በጠባብ ክፍተት ላይ የፊቱ ከፍታ ያሸንፋል፣ በሩ እየሰፋ ሲሄድ የጎኑ ያሸንፋል። ያየሽው ይህንኑ ነው። ፊቱን ጨምሩ ብትዪው ባልሽ ፍሪጁን ጣራ ያያይዝልሻል እንጂ ነገሩ አይድንም። መጀመሪያ ጎኑን አስተካክሉ።

የግንበኛ ውሃ ልክ ከጎረቤት ተዋሺ። 60 ሳንቲሟ ትበቃለች። ፍሪጁ አናት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አጋድሚያት። አረፋዋ መሐል እስክትገባ ከቀኝ ጫፏ ሥር የሆነ ነገር ግፊበት። የገባው ውፍረት የወለልሽ ጉድለት ነው። በስልክም ይለካል፤ ግን የካሜራው እብጠት ስለሚያሳስት አንዴ ለክተሽ ስልኩን አዙረሽ ደግመሽ ለኪ። ሁለቱ ቁጥር ካልገጠመ አትመኚው።

ከሙጋድ

ስታንድ ለምን አትገዛም? እኔ ገዝቼ ተገላገልኩ። ለማጽዳትም ይመቻል።

ከሮቢት

እኔም ገዝቼ ነበር፣ አልወደድኩትም። ጎማ እግር ያለው በሩን በሳብኩ ቁጥር ፍሪጁ አብሮኝ ይመጣል። ፍሬኑ ሁለት ጎማ ላይ ብቻ ነው። ጎማ የሌለው፣ እግሩ በብሎን ከፍና ዝቅ የሚል ዓይነት አለ፤ እሱ ይሻላል። ግን መሐሉ ፕላስቲክ ስለሆነ ከወራት በኋላ ጎብጦ አየሁት። እኔ አሁን ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጬ ከሥሩ አድርጌያለሁ። ድምፁም ጠፋ።

ጡረታ የወጣው ሠሪ

የመኪና ጎማ ድምፅ ይገድላል፣ እሺ። ግን ፍሪጁ በጎመንና በወተት ሲሞላ ይረገጣል። ዛሬ ያስተካከልሽው ከሳምንት በኋላ ሌላ ነው። ለልክ አልወደውም።

ከሮቢት

የኔ ዓመት ሊሞላው ነው ጋሼ፣ ወላሂ ንቅንቅ አላለም።

ጡረታ የወጣው ሠሪ

ይሁንልህ። ካርቶን ግን በፍጹም። ወለል ሲታጠብ ይጠጣል፣ ከዚያ ይሟሽሻል። ኮምፔንሳቶ ደረቅ ቤት ውስጥ ጥሩ ነው። ለሚታጠብ ወለል የወለል ሴራሚክ ስባሪ እመርጣለሁ፤ ከሥሩ ክፍት ቦታ ካለው ግን በእግሩ ጫና ይሰነጠቃል። ሙሉ ለሙሉ ወለሉ ላይ ይረፍ።

ጠያቂዋ

ቅዳሜ ከሰዓት ሠራነው። ውሃ ልኳን አጋደምናት፤ አረፋዋ ወደ ግራ ሸሸች። ልጄ የትምህርት ቤት እርሳሱን ከቀኝ ጫፏ ሥር ከተተ፣ አረፋዋ መሐል ላይ ቆመች። እርሳስ ማለት ሰባት ሚሊሜትር ገደማ ነው።

መጀመሪያ የቀኙን የፊት እግር ብቻ አስረዘምን። ፍሪጁ በሦስት እግሩ ቆመ፤ ጥጉን ስጫነው እንደ ተሰበረ በርጩማ ይንጋደዳል። ለካ የኋላዎቹ ብሎን አይደሉም፣ የተገጠሙ ትንንሽ ጎማዎች ናቸው። እዚያ ጋ ተጨነቅን።

ጡረታ የወጣው ሠሪ

እዚያ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የኋላው ቀኝ ከዝቅታው ካልተነሳ የፊቱን ብቻ ማንሳት ሣጥኑን ያጣምመዋል። ሴራሚኩ የሚገባው ከኋላው ጎማ ሥር ነው።

ጠያቂዋ

አዎ፣ ኋላ ገባን። ጠርሙሱንና ወተቱን አውጥተን ባለቤቴ ፍሪጁን ከላይ ወደ ጎን ገፋ ሲያደርግልኝ የሴራሚክ ስባሪ ከኋላው ቀኝ ጎማ ሥር ከተትኩ። ውፍረቱ ከእርሳሱ ትንሽ ይበልጣል እንጂ ልኩን ነው። ከዚያ የቀኙን የፊት እግር አረፋዋ መሐል እስክትገባ አስተካከልን። መንጋደዱ ቆመ።

በመጨረሻ ውሃ ልኳን ከፊት ወደ ኋላ አዞርናት። የባለቤቴ አራት ዙር እዚያው ነበር፤ አረፋዋ ወደ ፊት ትንሽ ሸሽታ ከመሐሏ መስመር ነካ አድርጋለች። እግሮቹ ላይ ዙር እንዳይጠፋብን በጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጌባቸው ነበር፤ ለቆጠራ በጣም ረዳኝ።

አሁን በሩን ግማሽ ከፍቼ ስለቀው ቀስ ብሎ ሄዶ ጠብ ይላል። ላይኛውም እንደዚሁ። ግን እስከ መጨረሻው ከከፈትኩት አሁንም ተከፍቶ ይቀራል። ትንሽ ልጨምርበት?

ጡረታ የወጣው ሠሪ

አትጨምሪ። በሩ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ከቆመበት ካለፈ ቁልቁለቱ በሌላው በኩል ነው፤ እዚያ ይቆማል። እንዲቆምልሽም ትፈልጊያለሽ፣ አለዚያ አስቤዛ ስትደረድሪ ክንድሽን ይመታሻል። 60 ሳንቲም ጥልቀት ላለው ፍሪጅ ከአንድ ሳንቲም በላይ ፊቱን ማንሳት አልመክርም። ሲበዛ እንቁላሉ ይንከባለላል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን ከኋላ፣ ሞተሩ ላይ ያለችው የውሃ መቀበያ ሳህን ነች። ስትጋደል ውሃው በአንድ በኩል ይፈስና ወለል ላይ ኩሬ ይሠራል። ሰው ያኔ ፍሪጁ አፈሰሰ ብሎ ሠሪ ይጠራል።

ከፒያሳ አካባቢ

መቶ ብሩንስ ሞከርሽው? ወይስ እኔን ረሳችሁኝ?

ጠያቂዋ

አልረሳሁህም ወንድሜ። ዙሪያውን ሁሉ ሞከርኩት። በሁሉም በኩል እየጎተተ ነው የሚወጣው። ከማጠፊያው በኩል ታችኛው ጥግ ላይ ብቻ ሾልኮ ወጣ።

ከፒያሳ አካባቢ

ብያለሁ!

ጡረታ የወጣው ሠሪ

ለጥጓ ልክ ነህ። ግን ሙሉ ጎማ ለመቀየር አትቸኩዪ። ለሦስት ሳምንት በሩ ሳይገጥም ስለቆየ ተኮማትሮ ይሆናል። በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያዥበት፣ ሲለሰልስ በጣትሽ ወደ ውጭ ሳቢው፣ ዘግተሽ አሳድሪው። ሁለት ሦስት ቀን ደጋግሚው። የጋገረውን በረዶም ፍሪጁን ነቅለሽ ራሱ ይቅለጥ፤ በቢላ እንዳትፍቂው፣ ቧንቧውን ከበሳሽ ያኔ በእውነት ጋዝ ይሞላልሻል።

እንቢ ካለ የታችኛውን ማጠፊያ እይው። ፕላስቲክ ሮንዴላዋ ስታልቅ በሩ ዝቅ ብሎ ጥጉ አይገጥምም። ሁለቱ በሮች መሐል ያለው ክፍተት ከግራ እስከ ቀኝ እኩል ነው?

ጠያቂዋ

አሁን አየሁት። በማጠፊያው በኩል ሰፋ ይላል። ብዙ አይደለም፣ ሁለት የብር ሳንቲሞች ደርቤ የማስገባበት ያህል።

ከሙጋድ

ሮንዴላዋን ደሴ ውስጥ የት ታገኛታለች?

ጡረታ የወጣው ሠሪ

አሮጌ ፍሪጅ ፈትተው ዕቃውን የሚሸጡት ጋ ነው። አሮጌዋን አውጥተሽ ይዘሽ ሂጂ፣ በቃል አይገኝም። ፎቶም ላኪልኝ፣ ልየው።