ለራሴ ያወጣሁት ሞዴል ፈተና ሰዓቱና ነጥቡ አልጣጣም አለኝ

ደብረ ማርቆስ የምማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ ለስታቲስቲክስ ፋይናል ከሃንዳውቴና ከክፍል መልመጃዎቼ ሞዴል ፈተና አውጥቼ ድልድሉ ላይ ስለተቸገርሁ ምክራችሁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ዋናው ፈተና 50 ነጥብና 120 ደቂቃ ስለሆነ፣ 10 ደቂቃ ለክለሳ ትቼ ቀሪውን 110 ለ50 ሳካፍል ለአንድ ነጥብ 2.2 ደቂቃ ደረሰ። በዚህም መሠረት 20 ባለ 1 ነጥብ ምርጫና 5 ባለ 6 ነጥብ የስሌት ጥያቄዎች አዘጋጀሁ፤ ይህም ለምርጫው 44፣ ለስሌቱ 66 ደቂቃ ማለት ነው።

ቅዳሜ ሰዓት ይዤ ስሠራው ምርጫው በ13 ደቂቃ አለቀ፣ ስሌቱ ግን 90 ፈጀ። ድምሩ 103 ስለሆነ የበቃኝ ይመስላል፤ ነገር ግን ምርጫውን ያፈጠነልኝ ጥያቄዎቹን በገዛ እጄ ገልብጬ መልሳቸውን ማስታወሴ ነው (ሁለቱን እንዲያውም ሳላነብ ነው ያከበብኋቸው)። ምርጫው የተመደበለትን 44 ደቂቃ ቢወስድ ኖሮ ድምሩ 134 ይሆን ነበር።

ከሁሉ የከፋው 7 ክፍሎች ካሉት የድግግሞሽ ሰንጠረዥ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አውጣ የሚለው ነው። ከፈጀብኝ 18 ደቂቃ 11ዱን የበላው ሰንጠረዡን መሙላት ሲሆን፣ እኔ ለዚያ የሰጠሁት 2 ነጥብ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ለቀመሩ 1፣ ለአማካዩ 1፣ ለመጨረሻው ስሌት 2 አድርጌዋለሁ።

ክፍሎቹን ወደ 4 ልቀንስ፣ ሰንጠረዡን በከፊል ሞልቼ ላቅርብ ወይስ ነጥቡን ከፍ አድርጌ ሌላ ጥያቄ ላውጣ? ምርጫውንስ ቁጥሮቹን ብቻ መቀየር ይበቃል ወይስ ከጓደኛዬ ጋር ጥያቄ መለዋወጥ ይሻላል? ፈተና አውጥታችሁ የምታውቁ መምህራን ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።