ፖስትግሬስ ላይ የአማርኛ ሰርች አስቸገረኝ፣ ወደ ኢላስቲክሰርች ልሂድ ወይስ?

ሰላም ጓዶች፣ አራት ኪሎ ላለ አንድ መጽሐፍ መደብር ዌብሳይት እየሠራሁ ነው፣ ዳታው ሁሉ ፖስትግሬስ ላይ ነው። ሰርቹን በ `to_tsvector('simple', ...)` ነው የሠራሁት፣ ምክንያቱም ለአማርኛ የተዘጋጀ ኮንፊግ የለውም። ፀሐይ ብሎ የሚጽፍ አለ ጸሀይ ብሎ የሚጽፍ አለ፣ እሱን ኢንዴክስ ሳደርግም ሰው ሲፈልግም ፊደሉን በመተካት ፈታሁት፦

```sql
translate(title, 'ሐሑሒሓሔሕሖ', 'ሀሁሂሃሄህሆ')
```

ሠን፣ ዐን፣ ፀንም እንደዚሁ።

የቀረኝ ከፊት የሚለጠፈው ነገር ነው። ደንበኛ "ሀገር" ሲል "የሀገር ፍቅር" የሚለው ርዕስ አይመጣም። `:*` ብጨምር "ሀገርን" ይመጣል እንጂ የ፣ በ፣ ለ ያለበት ያው ነው። ፊደሏን ዝም ብዬ ልቁረጥ ካልኩ ደግሞ በሬ "ሬ" ሆኖ ይቀራል 😅

`pg_trgm`ም ሞከርኩ፣ ግን የኛ ቃል አጭር ነው፦ "ሀገር" 4 ትራይግራም አለው፣ "የሀገር" 5፣ የሚጋሩት 2 ብቻ፣ ስለዚህ 2 ለ 7 ማለትም 0.29 ይሆንና ከ 0.3ቱ ገደብ ለጥቂት ይወድቃል። ገደቡን ዝቅ ሳደርገው የማይገናኝ ነገር ይግተለተላል። `LIKE '%ቤት%'` ቢባልም ባለ ሁለት ፊደል ቃል ሙሉ ትራይግራም ስለማይወጣው ኢንዴክሱ አያግዝም።

አለቃዬ "ኢላስቲክሰርች አድርገውና ተገላገል" ይለኛል፣ ግን እሱም አብሮት የሚመጣ የአማርኛ አናላይዘር የለውም፣ ሰርቨራችን ደግሞ 2 ጊጋ ራም ብቻ ነው፣ ዳታውንም ከፖስትግሬስ ጋር ሁሌ ሲንክ ማድረግ ሊኖርብኝ ነው። በአማርኛ የሠራችሁበት ካላችሁ፣ ቅጥያውን በምን ቆረጣችሁት? በቃላት ዝርዝር ነው ወይስ በኤንግራም?