ዓለት ሳይሞቅ እንዴት ይቀልጣል? እባካችሁ አስረዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ለገጣፎ ነው የምኖረው፤ ሐሙስ ክፍል ውስጥ የማቀርበው የጂኦሎጂ ስላይድ አንድ ቦታ ላይ አስቸግሮኛል። የዓለት ዑደት ሥዕሉ ዓለት ወደ ጥልቅ ወርዶ፣ ሞቆ ይቀልጣል ይላል። የምድር ሰሌዳዎች የሚራራቁበት ድንበር ላይ ግን ቀስቱ ወደ ላይ ነው፤ የሚወርድ ነገር የለም። የእኛው ስምጥ ሸለቆም በዓመት 5 ሚሊሜትር ገደማ እየተከፈተ እሳተ ገሞራ አለው።

መምህራችን «ማንትሉ፣ ማለትም ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ጠጣር ዓለት፣ ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ስለሚቀንስ ይቀልጣል» አሉን። የቤታችን መሠረት ሲቆፈር የወጣ ጥቁር ድንጋይ ይዣለሁ፤ ሽንብራ የሚያህሉ ቀዳዳዎች አሉት። ጫና ሲቀንስ ጋዝ እንደሚወጣ፣ የአምቦ ውሃ ሲከፈት እንደሚፈላው፣ ይገባኛል። ጠጣሩ ዓለት ግን? ጫናው የመቅለጫ ነጥቡን ከፍ አድርጎት ነበር ማለት ነው? ከሆነስ፣ እየወጣ ለምን ቀድሞ አይቀዘቅዝም?