እህቴን የካሜራው ትርጉም ከባቡር አስቀራት፤ የመኖሪያ ፈቃድ ቀጠሮዋም አለፈ

ትርሲት፣ ከአዳማ
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ የምትኖረው ጀርመን፣ ካስል ከተማ ነው። ፍራንክፈርት አክስታችን ጋ አድራ፣ ለውጭ ዜጎች ቢሮ ቀጠሮዋ በጠዋት ልትመለስ ጣቢያ ሄደች። ጀርመንኛው ገና ስለሆነባት ትልቁን ቦርድ በስልኳ ካሜራ ወደ አማርኛ አስተረጎመችው። ካስል፣ መስመር 7 አላት። ፎቶ አንስታ 7 ላይ ቁጭ አለች። ሰዓቱ ሲደርስ የመጣው ባቡር ሌላ ነው። ጠባቂ ስትጠይቅ «ያንቺ ከ18 ሄዷል» አላት። በሚቀጥለው ባቡር ተሳፈረች፤ ቲኬቷ ግን ለዚያ ለመጀመሪያው ብቻ ነበርና ተቆጣጣሪው አዲስ አስከፈላት። ስትደርስ ቀጠሮው አልፏል። ቪዛዋ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እናታችን እንቅልፍ አጥታለች። ምን ታድርግ?

ጋሽ መኮንን
አይዞሽ ልጄ። እዚህ አገር ባቡር ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። መስመር በመጨረሻ ሰዓት ሲቀየር የድሮው ቁጥር ወዲያው ከቦርዱ ላይጠፋ ይችላል። ለውጡ በዚያው ረድፍ እየተንሸራተተ ያልፋል፦ heute Gleis 18፣ ማለትም ዛሬ ከ18 ነው። ካሜራው የሚይዘው የዚያችን ቅጽበት ነው። ጽሑፉ ሳይወጣ ወይም ግማሹ ሲያልፍ ካነሳችው፣ የሚተረጉመው ያየውን ብቻ ነው። ደግሞም አማርኛውን የሚለጥፈው በጀርመንኛው ላይ ስለሆነ አጠገቡ ያለውን ቁጥር ሊሸፍን ይችላል።

ፎቶው ላይ አትተማመን። ቲኬቷ ላይ የባቡሩ ቁጥር አለ። መስመሩ ላይ ያለው ትንሹ ሰሌዳ ያንኑ ቁጥር ካላሳየ፣ መድረሻው አንድ ቢሆንም ባቡሩ የእሷ አይደለም። ቁጥር ደግሞ ትርጉም አያስፈልገውም። ባቡሩ ሊነሳ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ያን ሰሌዳ ደግማ ትየው።

ዮናስ
ቀላሉ መንገድ ግድግዳው ላይ ያለውን ቢጫ ወረቀት ማንሳት ነው። አይንሸራተትም፣ ካሜራውም በደንብ ያነበዋል። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ጋሽ መኮንን
ዮናስ፣ ንባቡ ልክ ነው። ቢጫው የመነሻ፣ ነጩ የመድረሻ ነው። ግን ወረቀቱ ቀድሞ የታተመ ዕቅድ ነው፤ የዛሬን ለውጥ አያውቅም። እሱን ብታነሳም መስመር 7 ነበር የሚላት።

ሰላም
የቲኬቱስ ነገር? ገንዘቧ አይመለስም?

ጋሽ መኮንን
ባቡሩ መድረሻው ላይ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ እንደሚዘገይ ከታወቀ፣ ርካሹም ቲኬት በሌላ ባቡር ይሠራል። የእሷ ግን በሰዓቱ ከሄደ ያ መብት የለም። ለውጡ የተነገረው በጣም ዘግይቶ ከሆነ አቤት ማለት ትችላለች፤ ተስፋ ግን አልሰጥሽም።

እታባ
ይህን ሳነብ የአዳማ መናኸሪያ ትዝ አለኝ። ቦርድ የለ፣ ካሜራ የለ። ረዳቱ «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ! አንድ ሰው!» ብሎ ሻንጣሽን ተቀብሎ ያስገባሻል። የምትሄጂበትን ባታውቂ እንኳ አምስት ሰው ይነግርሻል። እዚህ አጠገብሽ የቆመው ሰው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። ልጅቷ አንድ ሰው ብትጠይቅ ኖሮ ይነግራት ነበር፤ ግን መጠየቅ ራሱ ያስፈራል። ሲመልሱልሽ አትሰሚውማ።

ዮናስ
እኔ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ርካሹን ቲኬት የገዛችው ለምን ይመስላችኋል? በየወሩ ከአገር ቤት ላኪ ትባላለች። ከዚያ ከቲኬት ላይ ትቆጥባለች፣ መጨረሻው ይኸው።

ትርሲት፣ ከአዳማ
ወንድሜ፣ ማን ላኪ አላት? እናቴ አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም። የማታውቀውን ቤት አትናገር።

ዮናስ
ስለ እናንተ ቤት አላልኩም። ስለ ሁላችንም ነው።

እታባ
«ትባላለች» ብለህ ጽፈሃል እኮ። ልጅቷ እየተጨነቀች ይህ ይባላል? ለእናት መላክ ደግሞ ሸክም አይደለም። እኔ የምልከው ወድጄ ነው።

ዮናስ
ሸክም የሆነበትም ሰው ዝም እንዲል ነው የምትፈልጊው። እኔ ለወንድሜ ባጃጅ ስል የራሴን የቋንቋ ትምህርት ሁለት ጊዜ አቋርጫለሁ።

ሰላም
ይቅርታ፣ ወደ ቀጠሮው ልመልሳችሁ። ትርሲት፣ እህትሽ የገባችው ለረጅም ጊዜ በሚሰጠው ቪዛ ከሆነ፣ ዋናው ማመልከቻው ቪዛው ሳያልቅ ቢሮው መድረሱ ነው። በጊዜ ካስገባች፣ ውሳኔ እስኪመጣ ቆይታዋ ሕጋዊ ሆኖ ይቀጥላል፤ ይህን የሚያሳይ ጊዜያዊ ወረቀትም ይሰጣል። ለአጭር ጉብኝት የሚሰጠው ቪዛ ከሆነ ግን በዚህ አትታመን። ዛሬውኑ ለቢሮው ኢሜይል ትጻፍ፦ ባቡር አምልጦኛል፣ አዲስ ቀጠሮ ይሰጠኝ ብላ፤ ሁለቱንም ቲኬት ታያይዝ። ማመልከቻውን አስገብታለች ወይስ ቀጠሮው ላይ ልታስገባ ነበር?

ትርሲት፣ ከአዳማ
ቪዛው የረጅሙ ነው። ስለ ማመልከቻው ደውዬ ጠየቅኋት። ኢንተርኔት ላይ የሆነ ፎርም ሞልቻለሁ ትላለች፤ እሱ ይሁን ቀጠሮ መያዣው ብቻ አላወቀችም።

ሰላም
የማረጋገጫውን ኢሜይል ፈልጋ ትላክልኝ። ቀጠሮ መያዣው ብቻ ከሆነ በቂ አይደለም። ነገ ጠዋት ቢሮው ሳይከፈት በር ላይ ትቁም።