«ጥና» እና «ጥናት» አንድ ቃል ናቸውን? ለልጆች በሚቀርብ አጭር ምስል ውስጥ ስላለች አንዲት ዓረፍተ ነገር

ዘደሴ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ሕፃናት ካህኑ ዕጣን ስለሚያጥንበት ዕቃ፣ ስለ ጥና፣ የሦስት ደቂቃ ምስል እያዘጋጀሁ ነው። ንዋየ ቅድሳቱን እኔ ልነካው ስለማይገባ አንድ ዲያቆን በሰንሰለቱ አንጠልጥሎ ያዘልኝና ቀረጽሁት። ካዘጋጀሁት ጽሑፍ ውስጥ ይህችን ዓረፍተ ነገር ለአሥር ልጆች ባነብላቸው ተጣበቅሁ፦ «ጥና ማለት መጽናት ማለት ነው፤ በውስጡ ያለው ከሰል የመለኮት ምሳሌ ነው።» የመጀመሪያውን ግማሽ ከአንድ አባት የሰማሁት ሲሆን ሁለተኛው የራሴ ነው። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጇን አውጥታ «ታዲያ ጥናት ማለትም ጥና ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ክፍሉ ሳቀ፣ እኔ ግን መልስ አጣሁ። ቃሉ በእርግጥ «ጸና» ከሚለው የመጣ ነውን? ለልጆቹስ «ጥና» ልበል፣ «ጽና» ልበል፣ ወይስ «ማዕጠንት»?

የሐይቅ ዳር፦
እኅታችን፣ የሰማሽው ትክክል ነው። ግእዙ «ጸንዐ» ነው፣ ጠነከረ ማለት ነው። እሳት ተሸክሞ የማይቀልጥ ዕቃ ከእርሱ የበለጠ የጸና ምን አለ? «ጸ» በእኛ አገር አፍ «ጠ» እንደሚሆን ደግሞ ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው አይነገረውም፤ ጾምን ጦም፣ ጸሎትን ጠሎት፣ ጸበልን ጠበል ስንል ነው ያደግነው።

የዋድላው፦
ስለ «ጸ» እና «ጠ» የተባለው እውነት ነው፤ ስለ «ጸንዐ» የተባለው ግን ቃሉን ከድምፁ ብቻ መያዝ ነው። ቅኔ ቤት የገባ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ቃሉ የሚመስለውን ሳይሆን መጽሐፉ ዕቃውን ማን ብሎ እንደሚጠራው ነው። በእሑዱ ውዳሴ ማርያም «አንቲ ውእቱ ማዕጠንት ዘወርቅ እንተ ጾርኪ ፍሕመ እሳት» ይላል፤ የእሳት ፍሕም የተሸከምሽ የወርቅ ማዕጠንት አንቺ ነሽ ማለት ነው። የዕቃው የግእዝ ስም እንግዲህ «ማዕጠንት» ነው፤ «ዐጠነ» ካለው ግስ የወጣ ማጠኛ ነው፣ «ማኅደር» ከ«ኀደረ»፣ «ማዕተብ» ከ«ዐተበ» እንደወጡት ሁሉ። አማርኛችን ግን ለዕቃው ሌላ ስም መረጠለት፤ በዘኍልቍ ምዕራፍ 16 ሙሴ አሮንን «ጥናህን ውሰድ» ይለዋል፣ በራእይ ምዕራፍ 8 መልአኩ የወርቅ ጥና ይዞ ይቆማል። ይህ «ጥና» እኔ እንደምይዘው «ጽንሐሕ» ከሚለው ግእዝ የመጣ ነው።

የሐይቅ ዳር፦
«ጽንሐሕ» የሚቃጠል መሥዋዕት እንጂ ዕቃ አይደለም። ደግሞስ እነዚያ ሁለት ሐዎች የት ገቡ?

የዋድላው፦
አማርኛ በላቸው። «ጸሐፈ» ብለን «ጻፈ»፣ «ርኅበ» ብለን «ራበ» እንላለን። ከዚሁ ከያዝነው ዓረፍተ ነገር ሳንወጣም፣ ውዳሴው «ፍሕም» የሚለውን እናቶቻችን «ፍም» ይሉታል። ከ«ፍሕም» ሐ ከወደቀች ከ«ጽንሐሕ» ብትወድቅ ምን ይደንቃል? የመሥዋዕቱ ስም ወደ መያዣው መዛወሩም እንግዳ ነገር አይደለም፤ «ቡና ጣጂ» የተባለች ልጅ ምድጃው ላይ የምትጥደው ጀበናውን ነው።

የሐይቅ ዳር፦
እንግዲያው በራስዎ ሚዛን ልመዝንዎ። እርስዎ ሐ ወደቀች ካሉ እኔም ዐ ወደቀች እላለሁ። «ጸንዐ» በአማርኛ «ጸና» አልሆነምን? ከዚያም አልፎ «ጠና» ሆኗል፤ በሽታው ጠናበት፣ ዕድሜው የጠና ሰው እንላለን። ስለዚህ ድምፁ የእርስዎን መንገድ የሚፈቅደውን ያህል የእኔንም ይፈቅዳል።

የዋድላው፦
ይህ ጥሩ ሙግት ነው፣ አልክደውም። ድምፁ ብቻውን አይፈርድም። የሚፈርደው ምሥጢሩ ነው፤ ከ«ጸንዐ» የወጣው «ጽንዕ» ጥንካሬን ሲናገር እንጂ ዕጣን የሚጤስበትን ዕቃ ሲጠራ አላነበብሁም፣ «ጽንሐሕ» ግን ከመሠዊያውና ከሚጤሰው ነገር አይለይም። በጎንዎ የሚቆም አንድ ንባብ ካለዎት ያምጡትና እረታለሁ።

የቦሩ ሜዳው፦
ይቅርታ፣ ጥያቄው ስለ ዕጣን ማጤሻ ከሆነ በእኛ ቤት «ማጤሻ» ነው የሚባለው። እናቴ ቡና ሲቀርብ ፍሙን ከምድጃው በሸክላ ማጤሻ ታወጣና ዕጣኑን ትበትንበታለች፤ ዱአ ሲደረግም ያው ነው። ዕጣኑን አስቀድማ ከሰሉ ላይ የጣለችበት ቀን ቤቱ በዕጣን ሽታ ፈንታ በጥቁር ጢስ ታፈነ፤ ከሰሉ ነጭ አመድ እስኪለብስ መጠበቅ ነበረባት። ቃሉ «ጢስ» ከሚለው መምጣቱ ግልጽ ነው፣ ምን ያከራክራል?

የዋድላው፦
ወንድማችን፣ እኅታችን የጠየቀችው ዕቃ ሌላ ነው፤ የእርስዎ ማጤሻ ሰንሰለት የለውም፣ ማንም የቤቱ ሰው ያነሣዋል። ጥናውን ይዞ የሚያጥን ግን ካህኑ ነው፤ ዲያቆን እሳቱን ያዘጋጃል፣ ያቀርባል እንጂ አያጥንም። ሆኖም ሳያስቡት ትልቅ ነገር አነሡ። ከሰልና ፍም አንድ አይደሉም።

ዘደሴ፦
ይህ እኔን ነካኝ። በጽሑፌ «ከሰሉ የመለኮት ምሳሌ ነው» ብዬ ነበር።

የዋድላው፦
ስሕተቱ እዚያ ነው፤ ከቃሉ ሥር ይልቅ ይህኛው ቢታረም ይበልጥ ደስ ይለኛል። ከሰል ጥቁርና ቀዝቃዛ ነው፣ ሕፃን በእጁ ይይዘዋል። እሳት ሲዋሐደው ግን ፍሕም ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ይህ እሳቱ ነው፣ ይህ ከሰሉ ነው ብሎ በጣት የሚለይ ሰው የለም። እሳቱ ከሰልነቱን አላጠፋውም፣ ከሰሉም እሳቱን አላቀዘቀዘውም። ኢሳይያስ በምዕራፍ 6 ሱራፊው ከመሠዊያው በጕጠት ይዞ ሲያመጣ ያየውን ፍሕም የእስክንድርያው ቄርሎስ ለተዋሕዶ ምሳሌ ያደረገው ስለዚህ ነው። እሳቱ የመለኮት፣ እሳቱ የተዋሐደው ከሰል የትስብእት ማለትም የሰውነቱ፣ ፍሕሙ የአንዱ ክርስቶስ ምሳሌ ነው። «ከሰሉ መለኮት ነው» ካልሽ ግን ምሳሌውን ገለበጥሽው። ውዳሴውም «ጾርኪ» ያለው ፍሕሙን ነው፤ ዕቃው ፍሕሙን ተሸክሞ ሳይቃጠል እንደሚቆይ ድንግልም እሳተ መለኮትን ተሸክማ አልተቃጠለችም ማለት ነው። «ጾረ» ራሱ በአማርኛ «ጦረ» ሆኖ አለ፤ ልጅ ወላጁን ይጦራል ስንል ይሸከማል ማለታችን ነው።

የቦሩ ሜዳው፦
እንግዲህ በ1870 ዓ.ም. ሊቃውንቱ ስለ ተዋሕዶ የተከራከሩት በእኛ ሜዳ ላይ ነው። ዛሬ ደግሞ በእናቴ ማጤሻ ሁለተኛው ተጀመረ ማለት ነው።

ልጅ እግር፦
እኔም ሐሳብ አለኝ። «ጥና» የመጣው ከ«ዕጣን» ነው። ዕ በእሳቱ ነደደችና «ጣን» ቀረ፤ ካህኑ ጥናውን ሲያወዛውዝ የጣ አናባቢ ዘልሎ ና ላይ ወደቀ።

የዋድላው፦
አንተ ልጅ፣ ለዚህ ቅኔ አስቆጥርሃለሁ።

መምህር ዘወልድያ፦
ሁለቱም ወገኖች «ጼና» የሚለውን ቃል ዘነጉት። በግእዝ «ጼና» ሽታ ነው፣ «አጼነወ» አሸተተ ነው። የመዓዛ ዕቃ ስሙን ከሽታ ቢያገኝ ከሁሉ የቀረበ አይሆንምን? «ጽና» ተብሎ ሲጻፍ ሐም ዐም የማይታይበት ምክንያትም ከመጀመሪያው ስላልነበሩ ሊሆን ይችላል። የወደቁ ፊደላትን ከመፈለግ ያልነበሩትን አለመፈለግ ይቀላል።

የዋድላው፦
መምህር፣ «ጼና» ሲያጥር «ጽና» የሚሆንበትን አካሄድ በሌላ ቃል ያሳዩኝ። ጼ በሳድስ ስትተካ የሚያሳይ አንድ ጓደኛ ቃል ይበቃኛል።

መምህር ዘወልድያ፦
እፈልጋለሁ። እርስዎም «ጽንሐሕ» የዕቃው ስም ሆኖ የተጻፈበትን ቦታ ይፈልጉ።

የሐይቅ ዳር፦
ሁለታችሁም ስትፈልጉ የእኔ «ጸንዐ» ሜዳው ላይ ብቻውን ቆሟል።

ዘደሴ፦
ክርክሩን እንዳልቆርጥ እፈራለሁ፣ ግን ሌላም ነገር አለኝ። ሦስቱን ሰንሰለቶች የሥላሴ፣ ሦስቱ የሚገናኙበትን አንዱን ቀለበት የአንድነታቸው ምሳሌ ብዬ ጽፌያለሁ። በሰንሰለቶቹ ላይ ያሉትን ትንንሽ ቃጭሎች፣ ሻኩራዎቹን ደግሞ «ዐሥራ ሁለት ናቸው፣ የሐዋርያት ምሳሌ» ብዬ ነበር፤ ምስሉን አቁሜ ብቈጥር ግን ዐሥራ አንድ ሆኑ። ከአንደኛው ሰንሰለት ላይ ባዶ ማንጠልጠያ ይታያል።

ልጅ እግር፦
ይሁዳ የወጣ ዕለት የተቀረጸ ነው።

መምህር ዘወልድያ፦
ሰንሰለቱንና ቀለበቱን እንዳለ ተዪው፤ ዕቃው የሚንጠለጠለው በእነርሱ ስለሆነ ልጁ ራሱ ቈጥሮ ያገኘዋል። የሻኩራውን ቍጥር ግን አውጪው። አንጥረኛው እንደ ሰንሰለቱ ርዝመት ያበዛል፣ ያሳንሳል፤ በአገልግሎት ብዛትም ይረግፋል። ዐሥራ ሁለት ብለሽ ያስተማርሽው ልጅ በሚቀጥለው እሑድ ቈጥሮ ሌላ ቍጥር ቢያገኝ ሰንሰለቱንም አያምንሽም። ስለ ሻኩራው ድምፅ ብቻ ንገሪያቸው፤ ካህኑ ሲያጥን ያንን ድምፅ ሰምተው ያውቁታል።

ዘደሴ፦
እሺ፣ አወጣዋለሁ። ለልጅቷ ግን ምን ልመልስላት?

የዋድላው፦
ለእርሷ መልስ አለ፣ እርሱም የሐይቅ ዳርን ያስደስታል። «ጥናት» በእርግጥ የ«ጸንዐ» ልጅ ነው። ትምህርቱን አጠናሁ ማለት በልቡናዬ አጸናሁት ማለት ነው፤ የቆሎ ተማሪ ዳዊት ሲያጠና ቃሉን ከአፉ እንዳይወድቅ ያጸናዋል። ስለዚህ ልጅቷ «ጥናት»ን ከመጽናት ጋር ብታዛምድ ትክክል ናት። «ጥና»ን ግን ከዚያ ቤት አናገባትም።

የሐይቅ ዳር፦
ልጅቱን ከቤት አስገብተው እናቱን ከደጅ መለሱ። አልተቀበልሁም።

ዘደሴ፦
ዓረፍተ ነገሯን እንዲህ ጻፍኋት፦ «ጥና ካህኑ ዕጣን የሚያጥንበት ዕቃ ነው፤ በውስጡ ያለው ከሰል እሳት ሲዋሐደው ፍም ይሆናል።» ከየት እንደመጣ አልጻፍሁም። አሁን የቀረኝ ርእሱ ብቻ ነው፤ «ጥና» ልበል «ጽና» የሚለውን እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም።

የሐይቅ ዳር፦
«ጽና» በይ።

መምህር ዘወልድያ፦
በመጽሐፍ ቅዱሱ እንዳለው «ጥና» በዪ።

የዋድላው፦
«ማዕጠንት» የሚለው ቢቀድም ምን ነበረበት?