የሊዝ ውዝፍ 219 ሺህ ብር መጣብኝ፤ ሻጩ ግን በዓመት 30 ሺህ ነው ብሎኝ ነበር

አዲሱ ባለቤት (አያት ጫፍ)
ሰላም ለሁላችሁ። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ቤቴን ገዛሁ። ቦታው 150 ካሬ ነው፤ ሻጩ በ2011 በጨረታ በሊዝ አሸንፎ የወሰደው። «የሊዙ ክፍያ በዓመት 30 ሺህ ብቻ ነው» ብሎኝ ነበር። አሁን ከክፍለ ከተማው የመጣው ወረቀት የ2016 እና የ2017 ውዝፍ 219,000 ብር፣ በተጨማሪም ቅጣት ይላል። ስም አላዞርኩም፤ ውልና ውክልና ብቻ ነው ያለኝ። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ጣሪያና ግድግዳ የሚባለውስ ከዚህ ጋር አንድ ነው?

ሙሉ ከአራብሳ
ወንድሜ፣ ተጭበርብረሃል። ሁለት ዓመት ሲሆን 60 ሺህ ነው መምጣት ያለበት። ደግሞ ሊዝ የሚከፍል ሰው ሌላ ግብር የለበትም፤ አንዱን ከፍሎ ነፃ ነው። ቢሮ ሄደህ አስተካክሉልኝ በላቸው።

ጋሽ ኃይሉ (ጡረተኛ፣ በመሬት ሥራ ላይ የቆየ)
ልጄ፣ ቢሮው የተሳሳተ አይመስለኝም። የሊዝ ውልህን አውጣና ሦስት ነገር ፈልግ። ጠቅላላ የሊዝ ዋጋው፣ ቅድመ ክፍያው፣ የወለድ መጣኔው። ካርታው ላይ ሁሉንም አታገኘውም፤ ውሉ ላይ ነው ያለው። እነሱን ጻፍልኝና አብረን እናስላው።

አዲሱ ባለቤት (አያት ጫፍ)
እሺ ጋሽዬ፣ ሻጩ ጋር ሄጄ ውሉን ፎቶ አነሳሁት። በካሬ 10,000 ብር። ጠቅላላ 1,500,000። ቅድመ ክፍያ 40 ከመቶ፣ 600,000 ተከፍሏል። ቀሪው በ30 ዓመት ይከፈላል። ከሁለት ዓመት እፎይታ በኋላ መክፈል የተጀመረው በ2013 ነው። ወለድ 10 ከመቶ ይላል። የ2013፣ የ2014 እና የ2015 ደረሰኝ አለ።

ጋሽ ኃይሉ (ጡረተኛ፣ በመሬት ሥራ ላይ የቆየ)
ጎበዝ። አሁን ነገሩ ግልጽ ነው።

ከ1,500,000 ላይ 600,000 ሲነሳ 900,000 ይቀራል። ለ30 ስታካፍለው በዓመት 30,000። ሻጩ የነገረህ ይህችን ነው። ውሸት አልተናገረም፤ ግማሹን ነው የነገረህ። 30,000 ዋናው ብቻ ነው። ገና ባልተከፈለው ገንዘብ ላይ በየዓመቱ ወለድ አለ።

በ2013 ያልተከፈለው 900,000 ነበር። ወለዱ 90,000፣ ከዋናው ጋር 120,000። በ2014 ቀሪው 870,000 ስለሆነ 117,000። በ2015 ደግሞ 114,000። ደረሰኞቹን አውጥተህ እነዚህን ቁጥሮች ፈልግባቸው። ከተገጣጠሙ ስሌቱን ይዘኸዋል ማለት ነው።

ከዚያ 810,000 ቀረ። የ2016 ወለድ 81,000 ሲሆን ከ30,000 ጋር 111,000 ይሆናል። የ2017 ደግሞ 78,000 እና 30,000፣ 108,000። ሁለቱን ደምራቸው፤ 219,000 ነው። ቅጣቱ ከዚህ በላይ ነው፤ ንግድ ባንክ በዘገየ ብድር ላይ በሚጥለው ልክ ይታሰባል። በየትኛው ቀን መቁጠር እንደጀመሩ ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቅ። ስህተት ካለ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ጋ ነው የሚገኘው።

ክፍያው በየዓመቱ በ3,000 ይቀንሳል። ግን እስከ መጨረሻው በዚሁ ከሄድክ ወለዱ ብቻ በ30 ዓመት 1,395,000 ይደርሳል። ከዋናው ይበልጣል። ስለዚህ ገንዘብ ሲገኝ ዋናውን ቀድሞ መክፈል ይቻል እንደሆነ ቢሮውን ጠይቅ። ውሉ ላይ ያለውን የወለድ አንቀጽም ደግመህ አንብብ። ሕጉ በንግድ ባንክ የማበደሪያ ወለድ ነው የሚለው። «በወቅቱ ባለው» የሚል ቃል ካለ መጣኔው ሊለወጥ ይችላል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ውልህ የተፈረመው በ721/2004 አዋጅ ነው። በዚያ አዋጅ ውዝፉ ሦስት ዓመት ከሞላው አስተዳደሩ ንብረት ይዞ፣ ሸጦ ዕዳውን መሰብሰብ ይችላል። የ2018ቱ 105,000 ነው። እሱም ካለፈህ ሦስት ሊሞላህ ነው። ሻጩን እስክትከራከር አትጠብቅ።

ሰናይት (ለገጣፎ)
እኔ ሊዝ የሚባል ነገር ከፍዬ አላውቅም። ቤቱ የአባታችን ነው፣ ነባር ይዞታ። የምንከፍለው የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ብቻ ነው። እዚህ ደግሞ ሸገር ከተማ ስለሆነ ከእናንተ ይለያል። ብሸጠው ገዢዬ ላይ እንዲህ ያለ ዕዳ ይመጣበታል?

ጋሽ ኃይሉ (ጡረተኛ፣ በመሬት ሥራ ላይ የቆየ)
እህቴ፣ ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ እንደነበረ ይቀጥላል። በሽያጭ ሲሆን ግን በ721 መሠረት ገዢው ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ስለዚህ አዎ፣ ለገዢሽ ከመሸጥሽ በፊት ንገሪው።

ወደ ጠያቂው ልመለስ። ሙሉ ያለው ግማሹ ልክ ነው። በሊዝ የያዘ ሰው የቦታ ኪራይ አይከፍልም፤ የሊዙ ክፍያ እሱን ተክቷል። ጣሪያና ግድግዳ ግን ሌላ ነው። እሱ የመሬቱ ሳይሆን የቤቱ ግብር ነው። ቤት ከሠራህ ትከፍላለህ። ሁለቱን በአንድ ደረሰኝ አትፈልጋቸው።

ሙሉ ከአራብሳ
ይቅርታ፣ ሁለቱን አንድ አድርጌ ነበር። እኛ ኮንዶሚኒየም ስለሆንን የምናውቀው የባንክ ክፍያውን ነው።

ትዕግስት (የሒሳብ ባለሙያ)
በግብሩ ላይ ልጨምር። ጣሪያና ግድግዳ የቆየው 80/1968 አዋጅ ነው፤ የቤቱን ዓመታዊ የኪራይ ግምት መሠረት ያደርጋል። በ2017 የወጣው የንብረት ታክስ አዋጅ፣ 1365/2017፣ ግን ስሌቱን ወደ ንብረቱ ዋጋ አዙሮታል። ከግምቱ ሙሉውን ሳይሆን 25 ከመቶውን ይወስዳል። ለሕንፃ መጣኔው ከ0.1 እስከ 1 ከመቶ ነው፤ ለመሬት መጠቀሚያ መብት ከ0.2 እስከ 1። በዚያ ውስጥ ስንት እንደሚሆን የሚወስነው ክልሉ ወይም ከተማው ነው።

ቤትህ 4 ሚሊዮን ተገመተ እንበል። 25 ከመቶው 1 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ የሕንፃው ግብር ከ1,000 እስከ 10,000 ብር መካከል ይወድቃል። ከሊዙ ጋር ስታወዳድረው ትንሽ ነው። ግምቱ ሲመጣ ግን ስፋቱንና የግንባታውን ዓይነት አይተህ ተቀበል። ሰርቪሱን እንደ ዋና ቤት አድርገው ጽፈው ካገኘህ ዝም አትበል።

ሰናይት (ለገጣፎ)
ትዕግስት፣ ለመሬቱም ታክስ ካለ ሊዝ የሚከፍል ሰው ለአንድ መሬት ሁለቴ ሊከፍል ነው?

ትዕግስት (የሒሳብ ባለሙያ)
እኔም ያሳሰበኝ እሱ ነው። ከተማው መመሪያውን ሲያወጣ መታየት ያለበት ነጥብ ነው።

ጋሽ ኃይሉ (ጡረተኛ፣ በመሬት ሥራ ላይ የቆየ)
ለልጄ የቀረኝ ነገር ውክልናው ነው። በውክልና ተቀምጦ መቆየት ጥሩ አይደለም። ሻጩ አንድ ነገር ቢሆን፣ ነፍስ ይማርና፣ ውክልናው ያኔውኑ ይቆማል። ከዚያ ከወራሾች ጋር ነው የምትነጋገረው። ስም ለማዞር ደግሞ ውዝፉ መጥራት አለበት። የሽያጭ ውሉን ግለጥና «ከሽያጩ በፊት ያለ ዕዳ በማን ላይ ነው» የሚለውን ፈልግ። 2016 ሙሉ በሙሉ የሻጩ ዘመን ነው። 2017ን በገዛህበት ወር ከፋፍሉት። አስታራቂ ሁለት ሽማግሌ ይዘህ ሂድ፤ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት። ከፍለህ ከሆነ ደረሰኙ በማን ስም እንደተቆረጠ አይተህ ዋናውን አንተ ጋ አስቀምጥ።

አዲሱ ባለቤት (አያት ጫፍ)
ጋሽዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ደረሰኞቹን አየሁ፤ 120፣ 117፣ 114 ሺህ ናቸው፣ ልክ እንዳሉት። ውሉ ላይ ስለ ውዝፍ ዕዳ አንድም ቃል የለም። ሻጩ የ2016ቱን 111 ሺህ ለመክፈል ተስማምቷል። ቅጣቱን ግን «አንተ ቶሎ ስም ብታዞር አይመጣም ነበር» ብሎ እምቢ አለኝ። እሁድ ከሽማግሌዎች ጋር እንገናኛለን። የ2017ቱን እኔ ሰኞ እከፍላለሁ፤ የቅጣቱን ዝርዝርም እንዲሰጡኝ ማመልከቻ አስገብቻለሁ።